አንድ ፎቶ፣ አሥር ጥንድ ቁጥሮች፦ በጎጃም የኖራ ሠንጠረዥ ላይ ጥንድ ቲ-ቴስት ለምን ተመረጠ?

## መነሻው

አንድ ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። የላከችልኝ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ቀበሌ የምትሠራ የግብርና ባለሙያ ናት። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ። ኖራው አልሠራም እየተባለ ነው። እኔ ግን ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ፎቶው ከደብተር ገጽ ላይ የተነሳ ነው። ገጹ በእስክሪብቶ ተሰምሮ በሦስት ዓምድ ተከፍሏል፦ የማሳ ቁጥር፣ «ከኖራ በፊት» እና «ከኖራ በኋላ»። ቁጥሮቹ የአፈር ፒኤች ናቸው። ፒኤች አፈሩ ምን ያህል እንደኮመጠጠ የሚናገር መለኪያ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል።

የጎጃም ደጋ ገበሬ ይህን ነገር ያለ ቁጥርም ያውቀዋል። ማዳበሪያ ጨምሮበት ገብሱ ቀጭጮ ሲቀር፣ ባቄላው አልይዝ ሲል፣ «መሬቱ ኮምጥጧል» ይላል። ተስፋ ሲቆርጥ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ኖራ የሚበተነው ይህን ለማስታገስ ነው። ኖራ ደግሞ ከባድ ነው። በአህያና በትከሻ ተጭኖ ማሳ ድረስ ይሄዳል። «አልሠራም» የሚለው ቃል በሪፖርት ከገባ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ሸክም የሚሸከም አይገኝም።

## ችግሩ

ሠንጠረዡን መጀመሪያ ያሰላው የባለሙያዋ የሥራ ባልደረባ ነው። ቁጥሮቹን ከፎቶው ላይ አይቶ ወደ ኤክሴል ገልብጧል። «በፊት» የሚለውን ዓምድ እንደ አንድ ቡድን፣ «በኋላ» የሚለውን እንደ ሌላ ቡድን ወስዶ የሁለት ነጻ ቡድኖች ቲ-ቴስት ሠራ። ፒ-ቫሊዩው፣ ማለትም እውነተኛ ለውጥ ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል፣ 0.06 ሆነ። የተለመደው መስመር 0.05 ስለሆነ «ጉልህ ለውጥ አልታየም» ብሎ ደመደመ።

ሰውዬው ግድ የለሽ አይደለም። ሁለት ዓምድ አየ፣ ሁለት አማካይ አወዳደረ። ብዙ ሰው በኮሌጅ የሚማረውም ይህንኑ ነው። ግን ሁለት ዓምድ ማለት የግድ ሁለት ቡድን ማለት አይደለም።

አንድ ምልክት ወዲያው ዓይኔ ገባ። በስሌቱ «በፊት» 11 ቁጥር ነበረው፣ «በኋላ» ደግሞ 10። ነጻ ቡድኖችን የሚያወዳድረው ቴስት በዚህ አይቸገርም። እኩል ያልሆኑ ቡድኖችን ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥንድ ቴስት ቢሆን ኖሮ 11 እና 10 ረድፍ ያላቸውን እኩል ያልሆኑ ክልሎች ሲሰጡት ኤክሴል `#N/A` ብሎ ይመልሰው ነበር፤ ጓደኛ የሌለው ቁጥር አለና።

## ከስሌቱ በፊት የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች

ኤክሴል ከመክፈቴ በፊት ደወልኩላት። ይህን ያደረግኩበት ምክንያት አለ። 0.06 ካየ በኋላ ሌላ ቴስት የሚፈልግ ሰው የሚወደውን መልስ እስኪያገኝ ቢቀያይር ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ የቴስቱ ምርጫ ከውጤቱ መምጣት የለበትም። መምጣት ያለበት ናሙናው ከተሰበሰበበት መንገድ ነው። እሱን የምታውቀው ደግሞ አካፋ ይዛ ማሳው ላይ የቆመችው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «3ኛው መስመር ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የአንድ ማሳ ናቸው?» የሚል ነበር። «አዎ ጋሼ፣ ያው ማሳ ነው። የመስመሩ ቁጥር የገበሬው ቁጥር ነው» አለችኝ።

ሁለተኛው ስለ አሰባሰቡ ነው። ከየማሳው ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራ አፈር ወስዳለች። ያንን በባልዲ ቀላቅላ አንድ ናሙና አውጥታለች። በሁለቱም ዙር ያደረገችው ይህንኑ ነው። የተለካውም በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት የአፈርና የውሃ መጠን ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ቢበዛ ወይም ቢያንስ የፒኤች ንባቡ ይለወጣል። ለውጡ ከኖራው ይምጣ ከአለካኩ መለየት ያቅተናል።

ሦስተኛው ስለ 11ኛው ማሳ ነበር። «በኋላ» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ አለ። ለምን? የናሙናው ፌስታል በመንገድ ተቀዶ አፈሩ ከሌላ ጋር ተቀላቀለ። ይህን መጠየቅ ያስፈለገው ማሳው የጎደለው ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ እንዳይሆን ነው። ገበሬው ተናዶ ማሳውን ከልክሎ ቢሆን፣ ወይም ሰብሉ ስለጠፋ ናሙና ሳይወሰድ ቀርቶ ቢሆን፣ የቀሩት 10 ማሳዎች የተሻሉት ብቻ ይሆኑ ነበር። የተቀደደ ፌስታል ግን ማሳ አይመርጥም። 11ኛው ወጣ።

ባልደረባዋ በኋላ «የሌሎቹን አማካይ እናስገባበት» ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። ያልተለካን ነገር እንደተለካ መጻፍ ይሆናል። መበታተኑንም በሐሰት ያጠብባል።

በሦስቱ መልሶች ነገሩ አለቀ። እያንዳንዱ ማሳ ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው። ጥንድ ቲ-ቴስት የተመረጠው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ገና አልተጀመረም ነበር።

## ፎቶውን ማንበብ

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ ነው። ፎቶው በአምፖል ብርሃን፣ ከጎን የተነሳ ነው። የስልኩ ጥላ በታችኛው ግማሽ ላይ ወድቋል። ገጹ ስላጋደለ መስመር ስትከተል ሳታውቀው ወደ ታችኛው ረድፍ ትንሸራተታለህ። በጥንድ መረጃ ላይ ይህ ክፉ ስህተት ነው። የአንዱን ማሳ «በፊት» ከሌላው ማሳ «በኋላ» ጋር ያጋባል። የዓምዶቹ አማካይ ግን አይለወጥም። ስለዚህ አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ስህተቱን በጭራሽ አያገኘውም።

እንደገና አንሥታ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ደጅ አውጥታ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋ አነሳችው። ከዚያ እሷ በስልክ ረድፍ በረድፍ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዓምድ በዓምድ አላነበብንም። «ማሳ አንድ፣ አራት ነጥብ አምስት፣ አራት ነጥብ ስምንት» እያልን ነው የወረድነው።

| ማሳ | በፊት | በኋላ | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| 1 | 4.5 | 4.8 | 0.3 |
| 2 | 5.3 | 5.5 | 0.2 |
| 3 | 4.8 | 5.2 | 0.4 |
| 4 | 5.6 | 5.8 | 0.2 |
| 5 | 4.3 | 4.7 | 0.4 |
| 6 | 5.0 | 5.1 | 0.1 |
| 7 | 5.4 | 5.7 | 0.3 |
| 8 | 4.6 | 5.1 | 0.5 |
| 9 | 5.1 | 5.2 | 0.1 |
| 10 | 4.9 | 5.2 | 0.3 |

ባልደረባዋ በጻፈው ላይ 8ኛው ማሳ «በኋላ» 5.7 ነበር። ልዩነቱን ሳሰላ 1.1 ሆነ። ሌሎቹ ሁሉ ከ0.1 እስከ 0.4 ባሉበት አንድ ብቻ 1.1 ሲል ዓይን ይወጋል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የእሷ 1 ረጅም አፍንጫ አለው፣ 7 ይመስላል። ግን ከላዩ ባለው ረድፍ 5.7 ስትጽፍ የ7ቱን ወገብ በአጭር ሰረዝ ቆርጣዋለች። 5ኛው ረድፍ ላይ ያለው 4.7ም እንዲሁ ተቆርጧል። 8ኛው ላይ ሰረዝ የለም። ደውዬ ጠየቅኳት። ከላቦራቶሪው ወረቀት ጋር አመሳክራ «5.1 ነው ጋሼ» አለችኝ።

ይህ አንድ ዲጂት ምን እንዳደረገ ማየት ጥሩ ነው። 5.7 ሲባል አማካይ ልዩነቱ 0.34 ይሆናል፤ ከትክክለኛው 0.28 ይበልጣል። ኖራውን የሚጠቅም ስህተት ይመስላል። ግን የልዩነቶቹ መበታተን ከእጥፍ በላይ ስለሚጨምር የቲ ዋጋው፣ ማለትም አማካይ ልዩነቱ ከመበታተኑ አንጻር ያለው ትልቅነት፣ ከ6.7 ወደ 3.7 ይወርዳል። ስህተት ሁልጊዜ ወደምንፈራው አቅጣጫ አይሄድም። 1.1ን ደግሞ በ«በኋላ» ዓምድ ውስጥ ሆነህ አታየውም። 5.7 በዚያ ዓምድ ከ5.8 ጋር ተደባልቆ ጤነኛ ቁጥር ይመስላል። ያጋለጠው የልዩነት ዓምድ ነው።

## ስሌቱ

ጥንድ ቲ-ቴስት ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ሥራው ቀላል ነው። ሁለቱን ዓምዶች ትረሳቸዋለህ። የሚቀርህ የልዩነት ዓምድ ብቻ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ እነዚህ 10 ልዩነቶች ከዜሮ ርቀዋል ወይ?

የልዩነቶቹ አማካይ 0.28 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው፣ ማለትም በአማካዩ ዙሪያ የተበታተኑበት መጠን፣ 0.13 ነው። ይህን በ10 ስኩዌር ሩት፣ በ3.16፣ ስናካፍለው 0.042 ገደማ ይመጣል። 0.28 ለ0.042 ሲካፈል 6.7 ይሆናል። ለ10 ጥንድ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 9 ነው። የቲ ሰንጠረዥ ለ0.05 መስመር የሚጠይቀው 2.26 ነው። እኛ ጋ 6.7 አለ። ፒ-ቫሊዩው ከ0.001 በታች ነው። በኤክሴል ይህን የሚያወጣው አንድ መስመር ነው፦

```
=T.TEST(B2:B11,C2:C11,2,1)
```

የመጨረሻዋ 1 ናት ጉዳዩን የምትወስነው። 1 ጥንድ ማለት ነው። 2 ከሆነ ነጻ ቡድኖች ይሆናሉ። የባልደረባዋ ቀመር መጨረሻ ላይ 2 ነበር።

ለማነጻጸር ብዬ በታረሙት 10 ጥንዶች ላይ የነጻ ቡድኖችን ቴስት ሠራሁት። ቲው 1.63 ብቻ ሆነ፣ ፒ-ቫሊዩው 0.12። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ የአማካይ ልዩነቱም ያው 0.28 ነው። ታዲያ ይህን ያህል ርቀት ከየት መጣ?

ሠንጠረዡን እንየው። ከኖራ በፊት 5ኛው ማሳ 4.3 ነው፣ 4ኛው ደግሞ 5.6። በሁለቱ መሬቶች መካከል የ1.3 ልዩነት አለ። አንዱ ተዳፋት ላይ ነው፣ ዝናብ አጥቦታል። ሌላው ሜዳ ላይ ነው። ኖራው ያመጣው ለውጥ ደግሞ 0.3 ገደማ ነው። ነጻ ቡድኖችን የሚያወዳድረው ቴስት የመሬቶቹን የእርስ በርስ ልዩነት እንደ ሁከት ይቆጥረዋል። ትንሹ ለውጥ በዚያ ሁከት ውስጥ ይሰምጣል። ጥንድ ቴስት ግን ማሳውን ከራሱ ላይ ስለሚቀንስ የመሬት የመሬቱ ልዩነት ይሰረዛል።

ለባልደረባዋ የነገርኩት በበሬ ነው። 10 ሰንጋ አስረህ ስታደልብ አንዱ ሲገባም ግዙፍ ነው፣ ሌላው ሲወጣም ትንሽ ነው። ድለባው መሥራቱን ለማወቅ የገቡትን በሙሉ ከወጡት በሙሉ ጋር አታደባልቅም። እያንዳንዱ በሬ ስንት ኪሎ እንደጨመረ ትጠይቃለህ።

እሱም ተገቢ ጥያቄ አነሳ። «ውጤቱ እንዲያምር ነው እንዴ የቀየሩት?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ከመቁጠሬ በፊት ያደረግኩትን የስልክ ጥያቄ ነገርኩት። ጥንድ ቴስቱ ፒ-ቫሊዩ 0.4 ቢያወጣ ኖሮ የምንጽፈው 0.4 ነበር። ወደ ነጻ ቡድኖቹ የምንመለስበት መንገድ አልነበረም።

## ቴስቱ የጠየቀው ቅድመ ሁኔታ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ዓምዶች ለየብቻ «ኖርማል ናቸው ወይ?»፣ ማለትም በአማካዩ ዙሪያ በደወል ቅርጽ ተሰራጭተዋል ወይ ብሎ መመርመሩ ነው። ጥንድ ቲ-ቴስት የሚጠይቀው ስለ ልዩነቶቹ ብቻ ነው። በ10 ቁጥር ደግሞ የኖርማልነት ፈተና ብዙ አይናገርም። ልዩነቶቹን በአንድ መስመር ላይ በነጥብ አስቀመጥኳቸው። ከ0.1 እስከ 0.5 ተሰራጭተዋል፣ ርቆ የወጣ የለም። የተሳሳተው 1.1 ቢቀር ኖሮ ግን ብቻውን ጥግ ይቆም ነበር።

ለልቤ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ፈለግኩ። 10ሩም ማሳ ላይ ፒኤች ጨምሯል። ኖራው ምንም ባያደርግ ኖሮ መጨመርና መቀነስ እንደ ሳንቲም ውርወራ ይሆን ነበር። 10 ጊዜ ተወርውሮ 10 ጊዜ በአንድ ፊት የመውደቅ ዕድሉ ከ1,024 ውስጥ 2 ነው፣ 0.002 ገደማ። ይህ ቆጠራ ስለ ልዩነቶቹ ቅርጽ ምንም አይጠይቅም፣ ግን ወደዚያው ድምዳሜ ያደርሳል።

ቲ-ቴስትን የፈጠረው ዊሊያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ1908 «ስቱደንት» በሚል ስም ሲያሳትመው እንደ ምሳሌ ከተጠቀመባቸው መረጃዎች አንዱ የ10 ሕመምተኞች የእንቅልፍ ልዩነት ነው። የኛም 10 ጥንድ ነው። ለትንሽ ናሙና የተሠራ መሣሪያ ስለሆነ «10 ማሳ አይበቃም» ተብሎ የሚጣል ነገር አልነበረም።

## ያልተሳካው

ፒ-ቫሊዩው ትንሽ ስለሆነ ኖራው ሠርቷል ማለት እንችላለን? እዚህ ላይ ባለሙያዋን ትንሽ አሳዘንኳት። ቴስቱ የሚለው ፒኤች መጨመሩን ነው። ያስጨመረው ምን እንደሆነ አይናገርም።

የመጀመሪያው ናሙና የተወሰደው በግንቦት፣ ከዝናብ በፊት ነው። ሁለተኛው በጥቅምት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በበጋ በአፈሩ ውስጥ ጨው ይከማቻል፤ በውሃ ሲለካ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል። ክረምት ያንን ጨው ያጥበዋል። ስለዚህ ምንም ኖራ ሳይነካው ፒኤቹ በጥቅምት በትንሹ ከፍ ሊል ይችላል። ከ0.28ው ስንቱ የኖራ፣ ስንቱ የወቅት እንደሆነ ከዚህ ሠንጠረዥ ማውጣት አይቻልም። ለማነጻጸሪያ ኖራ ያልነካው መሬት አልተለካም። ይህን ክፍተት የትኛውም ቴስት አይደፍነውም።

የመጠኑም ነገር አለ። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ከ0.19 እስከ 0.37 ነው። ፒኤች የሎጋሪዝም መለኪያ ስለሆነ 0.28 ትንሽ ይምሰል እንጂ የሃይድሮጅን አዮኑ ክምችት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ከ10ሩ ማሳ 7ቱ አሁንም ከ5.5 በታች ናቸው። ገበሬው «ዳነ» የሚለው ደረጃ ላይ አልደረሱም። የገብሱ ምርት ደግሞ አልተመዘነም።

በሪፖርቱ የገባው ይህ ነው፦ «በ10 ማሳዎች የአፈር ፒኤች በአማካይ በ0.28 ጨምሯል (ከ0.19 እስከ 0.37፣ ጥንድ ቲ-ቴስት፣ ፒ ከ0.001 በታች)። ማነጻጸሪያ መሬት ስላልነበረ የወቅት ተጽዕኖ አልተለየም። አንድ ማሳ በናሙና መበላሸት ምክንያት አልተካተተም።»

## ለሌላ ሠንጠረዥ የሚተርፈው

«በፊት» እና «በኋላ» የሚል ሠንጠረዥ ሲደርስህ መጀመሪያ ረድፉን ጠይቅ። ረድፉ አንድ ማሳ፣ አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ ተማሪ ከሆነ መረጃው ጥንድ ነው። ግን ርዕሱ ብቻ አያስተማምንም። «በፊት» የአምና ተማሪዎች፣ «በኋላ» የዘንድሮ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ጎን ለጎን የተጻፉት ቁጥሮች ዝምድና የላቸውም፣ ጥንድ ቴስትም አይገባቸውም። ከፎቶው ላይ ይህን ማወቅ አይቻልም። የጻፈውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

የልዩነት ዓምዱን ደግሞ ከቴስቱ በፊት በእጅ ሥራው። የተንሸራተተ ረድፍና 7 የመሰለ 1 ብቅ የሚሉት እዚያ ነው። አንድ ዓምድ ብቻውን በቁጥር ቅደም ተከተል እንዳይደረደርም ተጠንቀቅ። ኤክሴል ላይ በአንድ ጠቅታ ጥንዶቹ ሁሉ ይበተናሉ፣ አማካዩ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይቀራል።

## አሁን ያለበት

በተከታዩ ዓመት ባለሙያዋ ከየማሳው ዳር ኖራ የማይነካት ጠባብ ቁራጭ አስቀርታለች። ገበሬዎቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ግማሹን ልጅ አብልተሽ ግማሹን ታስርቢያለሽ?» ብለዋት ነበር። በመጨረሻ አምስት እርምጃ ብቻ ፈቀዱላት። አሁን ደብተሯ ላይ አራት የቁጥር ዓምድ አለ፦ ኖራ ያለው በፊትና በኋላ፣ ኖራ የሌለው በፊትና በኋላ። ከኖራው ቁራጭ ለውጥ ላይ ከጎኑ ያለው ባዶ ቁራጭ ለውጥ ይቀነሳል። ስለዚህ በየማሳው የሚቀረው አንድ ልዩነት ብቻ ነው፣ ቴስቱም ያው ጥንድ ቲ-ቴስት ይሆናል።

የግንቦቱን ዓምዶች ፎቶ ልካልኛለች። ደጅ፣ ጥላ ውስጥ፣ ከላይ ቀጥ ተደርጎ ተነስቷል። 1ዱን ሁሉ አፍንጫ በሌለው ቀጥ ያለ መስመር ጽፋዋለች።